የአሥር ዓመት ደብዳቤ ወደ ከሚሴ

ደብዳቤው ከሚሴ የገባው በቴምር ካርቶን ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ያመጣው ኢቃማ ያለውና ለዕረፍት ወደ አገሩ የመጣ የአካባቢው ልጅ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ቴምር፣ አንድ ብልቃጥ ሽቶ፣ አንድ ሻሽና አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ ነበሩ። ከሁሉም ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከደብተር የተገነጠለ አራት ቅጠል ወረቀት። ጫማው ለልጁ አልበቃውም። አባትየው ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፈው በሦስት ወሩ ነው። አሁን ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። የእግሩን ልክ ከስልክ ፎቶ ገምቶ ነበር የገዛው።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያየችው የባልየው ታናሽ እህት ነች። «በኢሞ በየሳምንቱ ድምፅ የሚልክ ሰው ምን ሆኖ ነው ወረቀት የጻፈው?» አለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። ሳዑዲ ያለ ሰውና ከሚሴ ያለች ሚስቱ ዛሬ በአንድ ጣት ይገናኛሉ። ኔትወርክ ካለ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ወረቀት መላክ የአባቶቻችን ዘመን ነገር ይመስላል።

ምክንያቱ ግን ቀደም ሲል የተደረገ አንድ ጨዋታ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም አልተከፈተም። እሱ በረሃ ላይ የሰው በግ ይጠብቃል። ድምፁን ይቀርጻል፣ ይልካል፣ መልእክቱ ሳይደርስ ይቀራል። መደበኛ ስልክ አንዳንዴ ይገባል፤ ሲገባም ሒሳቡ ይበላዋል፣ ጨዋታው ከሰላምታ አያልፍም። ይባስ ብሎ በዚያው ክረምት የእሷ ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞተ። የሰባት ዓመት ድምፅ፣ ፎቶና ሳቅ አብሮ ሄደ። ኢንተርኔቱ ተከፍቶ እንደገና ሲገናኙ «ያን ሁሉ ወር ምን ስትይ ከረምሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ያንተን ወረቀት እያነበብኩ» አለችው።

እሱ ወረቀት ጽፎላት አያውቅም። ወይም አያውቅም ብሎ ያስብ ነበር። ወረቀቱ ለካ በየካቲት 2008 ከቤት ሲወጣ ትቶት የሄደው የዕዳ ዝርዝር ነው። ለመንገዱ የተበደረው ገንዘብ በገዛ እጁ ተጽፎ፦ ከአጎቱ 12,000፣ ከባለሱቁ 4,000፣ የአማቱ በሬ ተሽጦ 9,000። ድምሩ 25,000 ብር። እሱ ሲልክ እሷ ስትከፍል፣ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ሰርዛቸዋለች። የመጨረሻው መስመር የተሰረዘው በ2010 ነው። በቤቷ ውስጥ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ሌላ ነገር ስላልነበራት፣ ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት ያንን ዝርዝር እያወጣች ታየው ነበር።

ይህን ከሰማ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደውም ብንል ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ የእሱ ብላ የምትይዘው ወረቀት የዕዳ መዝገብ መሆኑ ከነከነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ደግ ነው። በወሎ ምድር ስደተኛ ለሚስቱ በቀጥታ የጻፈበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ አለ ለማለትም ያስቸግራል። ድሮ ደብዳቤ የሚጻፈው ለአባት ነው። በቡና ላይ ፊደል የቆጠረ ልጅ ተጠርቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጎረቤትም ይሰማል። ሰላምታው ከአባት ይጀምርና በእናት፣ በአጎት፣ በእህት ወንድም፣ በጎረቤት እያለ ይወርዳል። ሚስት የምትጠራው ዘግይቶ ነው፤ ያውም በስሟ ሳይሆን «የልጆቹን እናት ሰላም በሉልኝ» ተብሎ። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ድምፁ መጣ እንጂ ሰሚው አልቀነሰም። ቴፑ መሐል ቤት ይቀመጣል፣ ሁሉም ዙሪያውን ይከባል። ባልየው ያን ሁሉ ሰው በዓይነ ኅሊናው እያየ «ናፍቃችሁኛል» ይላል፤ «ናፍቀሽኛል» ማለት ግን ያፍራል። ሴቲቱም ከዚያ የብዙ ቁጥር ውስጥ የራሷን ድርሻ ለይታ ማውጣት ትለምዳለች። ለብቻ የሚሰማ ፍቅር የመጣው በጆሮ ማዳመጫና በኢሞ ነው። እሱ ታዲያ ያን ነጻነት ትቶ ወደ ወረቀት ሲመለስ ሌላ ሰው ሊያነበው እንደሚችል ያውቃል። እያወቀ ነው የጻፈው።

ሁለቱ ኒካህ ያሰሩት ሐሙስ ጥር 7, 2007 ነው። እሱ በመጀመሪያው ጉዞው ሳዑዲ ደርሶ፣ በጥቅምት 2006 በተጀመረው ታላቅ አፈሳ ተይዞ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ጋር በቦሌ የገባ ነው። ባዶ እጁን። ከሚሴ መጥቶ አንድ ዓመት ያህል ማሾና ማሽላ ሲያስጭን ከርሞ እሷን አገባ። እሱ እናቱ ገበያ ላይ ያሳደገችው የከተማ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በአማርኛ፣ የተማረውም በአማርኛ። ኦሮምኛን ከሰፈር ነው ያገኘው። እሷ ከጨፋ ሜዳ ማዶ ከገጠር የመጣች፣ እስከ አምስተኛ ክፍል በኦሮምኛ፣ በቁቤ የተማረች። የቁቤውን ጽሑፍ እንደ ውሃ ትጠጣለች፤ የግዕዙን ፊደል ግን እየለቀመች ነው የምታነበው። ቤታቸው ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲቀላቀሉ ኖሩ፤ በዚያ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አብረው የኖሩት 13 ወር ነው። ከአሥሩ ዓመት 120 ወር ውስጥ 13ቱ። ቀሪው 107 ወር በስልክ የተኖረ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በደብዳቤው መጀመሪያ ገጽ ላይ ራሱ ጽፏቸዋል፤ ምንም አስተያየት አልጨመረባቸውም።

ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ጥር አይደለም፤ መስከረም 2017 ነው። እህትየው «ዓመቱ መች ሞላና?» አለች። መልሱ እዚያው ተጽፏል። እሱ ያለበት አገር በረመዳንና በሐጅ ወር የሚቆጥር አገር ነው። የሒጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድ ከእኛው ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። በአሥር ዓመት ልዩነቱ 109 ቀን ገደማ ይደርሳል። በ2007 መውሊድ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት የታሰረው ኒካህ፣ በጨረቃ ሲቆጠር አሥር ዓመት የሚደፍነው በመስከረም 2017፣ በመስቀል ሰሞን ነው። በእኛ ሲቆጠር ደግሞ ጥር 7።

«አሥር ዓመታችን ሁለት ጊዜ ይሞላል» ይላል ደብዳቤው። «አንዱ በእኔ በኩል ዛሬ ሞላ። ሌላው በአንቺ በኩል በጥር ይሞላል። መሐሉ ላይ ያለው 109 ቀን ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ ግን ለአንቺ ሰጥቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ አሁን ዘለሽ አታንብቢ።»

አላህ ይየው፣ ዘላ አላነበበችም። ያነበበችላት እህትየው ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ፣ አማቲቱ ባሉበት፣ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሰላምታው ረዥም ነው። ከአሰላሙ አለይኩም ጀምሮ በእናቱ፣ በአጎቱ፣ በጎረቤቱ ሁሉ ዞሯል። የድሮውን ሥርዓት አላፈረሰም። አማቲቱ ስማቸው ሲጠራ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ላይ እህትየው አንገቷን ደፋች፦ «ከዚህ በኋላ ያለው ለእሷ ብቻ ነው። የምታነቢው እህቴ ከሆንሽ አብሽሪ፣ አትፈሪ፣ አንብቢላት፤ እናቴ ግን ጆሮሽን ያዥ።» ሁሉም ሳቀ። አማቲቱም «እኔ ምን አገባኝ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ መጋረጃውን ግን አልዘጉትም።

የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ስለ 2009 ነው። ይህ ገጽ በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት የቆየ ቁስል አለበት።

በመጋቢት 2009 የሳዑዲ መንግሥት ያለ ፈቃድ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች የ90 ቀን ምሕረት አወጀ፤ ኋላም አራዘመው። የምሕረቱ ቁም ነገር መውጣቱ አልነበረም። መውጣትማ ሁሌም ይቻላል፣ ተይዞ በግድ። ቁም ነገሩ ያለ ቅጣትና ያለ «አሻራ» መውጣቱ ነው። አንድ ሰው ያለ ኢቃማ ተይዞ ሲባረር አሥር ጣቱ ማሽን ላይ ይደረጋል፤ ስሙ ከተባረሩት መዝገብ ይገባል፤ በሕጋዊ ቪዛ ልመለስ ቢል አሻራው ይመልሰዋል። በምሕረቱ የወጣ ሰው ግን ይህ አይነካውም። ነገ በደንበኛው መንገድ፣ በኤጀንሲ፣ ቪዛ ይዞ ሊመለስ ይችላል። በር ተከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ መውጫም መግቢያም ሆኖ።

እሷ ያን ጊዜ ደውላ «ና» አለችው። ልጁ ዳዴ ማለት ትቶ መሮጥ ጀምሯል። እሱ ግን ሳዑዲ ከገባ ገና ዓመቱ ነው። የ25,000ው ብር ዕዳ ግማሹ እንኳ አልተከፈለም። «ዕዳውን ልጨርስና ለዒድ እመጣለሁ» አላት። ዒዱ አለፈ፤ ምሕረቱም አለፈ። ከዚያ በኋላ አፈሳው ተጀመረ፤ እሱም ከከተማ ሸሽቶ ወደ በረሃ፣ ወደ በግ ጥበቃው ገባ። እሷ ስለዚህ ነገር ዳግም አንስታ አታውቅም። አለማንሳቷ ነው ሲያቃጥለው የኖረው።

«ያን ጊዜ ዕዳው ነው ያስቀረኝ ብዬሻለሁ» ይላል ገጹ። «እውነቱን ልንገርሽ። ዕዳው ግማሽ ምክንያት ነበር። ሌላው ግማሽ ሐፍረት ነው። በ2006 ባዶ እጄን ገብቼ ሰው ሲያየኝ አይቻለሁ። ሁለተኛ እንዲያ ሆኜ ከምታይኝ ባታይኝ ይሻላል አልኩ። አንቺ ግን ባዶ እጄን የሆንኩትን ሰው ነበር ያገባሽው። ይህን ለመረዳት ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። አውፍ በይኝ።»

እህትየው እዚህ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሚስትየው ምንም አላለችም። ረከቦቱን አስተካከለች። ሲኒዎቹ የተስተካከሉ ነበሩ።

ሰው የፍቅር ደብዳቤ ሲባል ማርና ወተት ይጠብቃል። የስደተኛ ፍቅር ግን ሒሳብ ካላወራ ይዋሻል። ሦስተኛው ገጽ ስለ ገንዘብ ነው፤ እዚያ ገጽ ላይ ያለው አንድ ነጥብ ብዙ ቤት ያጣላ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ያሻል።

በሐምሌ 22, 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 አለፈ። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ በባንክ 15 ብር የነበረው ሪያል ወደ 30 ብር ሆነ። ከሚሴ ላይ የሚወራው «ሳዑዲ ባል ያላት ገንዘቧ እጥፍ ሆነ» የሚል ነበር። አማቾች ይጠይቃሉ፣ ጎረቤት ያያል፣ ሚስትም በልቧ «ታዲያ የኔው የት ሄደ?» ትላለች።

መልሱ ቀላል ነው፤ የሚያስረዳ ሰው ግን ጠፋ። ኢቃማ የሌለው ሰው ባንክ ሄዶ መላክ አይችልም፤ የሚልከው በሐዋላ፣ በሰው በሰው ነው። ሐዋላው ደግሞ ከድሮም በባንክ ዋጋ ሠርቶ አያውቅም፤ ከለውጡ በፊትም ከባንኩ እጥፍ ገደማ ይከፍል ነበር። ስለዚህ በባንክ ለሚልከው ሰው ሪያሉ እጥፍ ሲሆን፣ እንደ እሱ ላለው ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው የዘይቱና የቆርቆሮው ዋጋ ነው፤ ያ ለሁሉም እኩል ነው የጨመረው። ማለትም ዋጋው የጨመረባት እሷ ላይ ነው፣ ገንዘቡ የጨመረለት ለሌላ ሰው ነው።

«የላክሁልሽን 1,000 ሪያል ሰዎች ሲያሰሉልሽ እሰማለሁ» ይላል። «እውነቱ ይሄ ነው፣ ባለፈው ዓመት የደረሰሽና ዘንድሮ የደረሰሽ ሊተካከል ምንም አልቀረው። ደብቄብሽ አይደለም። እኔ ሌላ ቤት የለኝም። ያለኝ ከቆርቆሮ የተሠራ አንዲት ክፍል ናት፤ ከጎኗ የበጎቹ ውሃ መጠጫ አለ። ማታ ማታ እዚያ ላይ ተቀምጬ ስልኬን በሶላር እየሞላሁ አንቺን አስባለሁ። ይህን ደግሞ ለማንም አላወራም።»

ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ ገጽ ለሰሚ ያስቸግራል፤ ቢሆንም እህትየው ዓይኗን ጨፍና ያህል አነበበችው። ስለ ወሬዋ ሽታ ጽፏል። እሱ እንደሚለው ሰው በስልክ ሲነጋገር ድምፅ ይመጣል፣ ፊት ይመጣል፣ ሽታ ግን አይመጣም። በ2007 ክረምት ከገበያ ስትመለስ በዝናብ የራሰ ነጠላዋን ስታወልቅ ቤቱን የሚሞላው የወይራ ጢስና የቅቤ ሽታ ከእሱ ጋር በሕይወት አለ። «ካርቶኑ ውስጥ ሽቶ ልኬልሻለሁ፤ አትቀቢው» ይላል። «ለሰርግ ስትሄጂ ተቀቢው። ለእኔ ጊዜ አትቀቢው።» አንድ ቃል ብቻ ደግሞ በኦሮምኛ አለ፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፦ «ጃለላ ኮ»። ፍቅሬ ማለት ነው። በአማርኛ ሊጽፈው የሚችለውን ቃል በእሷ ቋንቋ የጻፈው፣ ዐሥራ ሦስቱ ወር ውስጥ በጆሮዋ የነገራት በዚያው ስለነበር ነው።

አራተኛው ቅጠል ላይ የ109ኙ ቀን ነገር መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ መምጣት ይችላል። በመጋቢት 2014 የኢትዮጵያ መንግሥት ከሳዑዲ ጋር ተስማምቶ ከ100,000 በላይ ዜጎችን በአውሮፕላን መመለስ ጀምሮ ነበር፤ በ2016ም ሌላ 70,000 ሰው ለመመለስ ሥራ ተጀመረ። መንገዱ ግን ለእንደ እሱ ያለ ሰው በማቆያ ካምፕ በኩል ያልፋል። ኢቃማም ፓስፖርትም የለውም። ከቆንስላው ሊሴ ፓሴ ማውጣት፣ ራሱን አሳልፎ መስጠት፣ እንደ ሹሜሲ ባለ ቦታ ተራ መጠበቅ አለበት። መጠበቁ ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ወራት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ስልክ አለ ብሎ መተማመንም አይቻልም። ሲወጣ አሥር ጣቱ ማሽን ላይ ያርፋል። በሕጋዊ በር ዳግም አይገባም።

በሕገ ወጡ በርስ? ያ መንገድ እሱ በ2008 የሄደበት ነው፤ ከከሚሴ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። ያን ጊዜም ጦርነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብሷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ዘገባ፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሲሻገሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያ ጭምር እንደገደሉ ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ከሚሴና አካባቢዋ ግን ልጅዋ ከየመን ማዶ ድምፁ የጠፋባት እናት ማስተባበያ አትሰማም። እሱም አይሄድበትም። ሚስቱም አትልከውም።

ስለዚህ መምጣት ማለት ለመጨረሻ ጊዜ መምጣት ማለት ነው። አለመምጣት ማለት ደግሞ ኢቃማ ሳይኖረው፣ ቢታመም ሐኪም ቤት መሄድ እየፈራ፣ ከፊሉ ደሞዝ ቢከለክለው የሚከስበት ሳይኖረው መቀጠል ነው። በእጃቸው ያለው፣ በደብዳቤው እንደተጻፈው፣ የቆርቆሮ ክዳኑ ያለቀ ሁለት ክፍል ቤት፣ ሦስት ፍየል፣ የአባቱ ግማሽ ሔክታር የማሾ መሬትና የአንድ ዓመት ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ነው። ሱቅ ለመክፈት አይበቃም። ሁለት ዓመት ቢቆይ ይበቃ ይሆናል።

«በ2009 አንቺ ና አልሽ፣ እኔ ብቻዬን ወሰንኩ» ይላል። «አሁን አልወስንም። ይህ ማለት ጭነቱን ባንቺ ላይ ጣልኩ ማለት እንዳይመስልሽ። የሁሉንም ነገር ልክ ጽፌልሻለሁ፤ የምደብቀው የለኝም። ከዛሬ እስከ ጥር ሰባት ያለው ቀን ያንቺ ነው። እኔ በስልክ አልጠይቅሽም፣ አልጎተጉትሽም። ና ካልሽ እመዘገባለሁ። ቆይ ካልሽ ሁለት ዓመት እቆያለሁ፤ ከሁለት ዓመት አንድ ቀን አልጨምርም። የፈለግሽውን ብትይ አላዝንም። ያንን የዕዳ ወረቀት ግን ቅደጂው። በሱ ፈንታ ይህን ያዢ።»

ንባቡ ሲያልቅ አማቲቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ሚስትየው «ሰላም ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ ይላል» አለች። እህትየው ቀና ብላ አየቻትና ዝም አለች።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ደብዳቤውን ማንም አላነበበላትም። ራሷ ጀመረችው። ፊደል በፊደል፣ ልጁ ሲተኛ፣ ግማሽ ገጽ ለሁለት ሳምንት። እህትየው «ላንብብልሽ» ስትላት «ተይኝ» ትላለች። እየለቀሙ ማንበብ የራሱ ጥቅም አለው፤ የአንድ ደቂቃ ዓረፍተ ነገር አንድ ማታ ሙሉ ይቆያል። በኅዳር የማሾው ምርት ተሰበሰበ፤ ሸጠችው። የባለሱቁን ሚዛን ተጠራጥራ ሌላ ቦታ አስመዘነች። ከከተማ ራቅ ብሎ የሚከራይ አነስተኛ ሱቅ እንዳለ ሰምታ ዋጋውን ጠየቀች፤ ኪራዩ ወደደባት፣ ተመለሰች። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ገብቶ ሱቆች ሲዘረፉ ያየች ሴት ስለሆነች «ሱቅ» የሚለው ነገር ድሮም ያን ያህል አላመናትም። የሚታረሰውን መሬት ትመርጣለች። እነዚህን ሁሉ ለእሱ አልነገረችውም። እሱም ቃሉን ጠብቆ አልጠየቀም። በኢሞ ሲያወሩ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ዝናቡ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጫማው ልኩ ነው?» አለ። «ነው» አለችው።

መልሷን የጻፈችው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የምትችለው ቁቤ ስለሆነ በቁቤ፣ በኦሮምኛ ጻፈችው። የጻፈችበት ወረቀት ያ የዕዳ ዝርዝር ነው፤ አልቀደደችውም። ገልብጣ በጀርባው ላይ ጻፈችበት። ፎቶ አንስታ ጥር 7 ጠዋት ላከችለት።

እሱ ደግሞ ቁቤ ማንበብ አልተማረም። የላቲን ፊደሉን ከእንግሊዝኛ ክፍል ያውቀዋል፤ ቃሉን ግን በዓይኑ ብቻ አይቶ አይረዳውም። ጮክ ብሎ፣ ፊደሉን እያያያዘ፣ በራሱ አፍ ካላወጣው ጆሮው አይለየውም። ከበጎቹ ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ስልኩን ከፀሐዩ በእጁ ጋርዶ የሚስቱን ቃል በራሱ ድምፅ ሰማው። የመጀመሪያው ቃል አጭር ስለነበር አላስቸገረውም። «ኮቱ» ይላል። ና።

ከዚያ በኋላ ያለው ረዘም ብሎበታል። በመንገድ ላይ እንዳይያዝ፣ መጀመሪያ ሊሴ ፓሴውን እንዲያወጣ፣ ወደ ማቆያው ከመግባቱ በፊት እዚያ ያለ አንድ የአገር ልጅ ስልክ እንዲተውላት፣ ያለውን ገንዘብ ይዞ ካምፕ እንዳይገባ፣ በሐዋላ አስቀድሞ እንዲልከው ጽፋለች። የማሾው ሽያጭ ስንት እንደሆነ ጽፋለች። ሽቶውን እስካሁን እንዳልከፈተችው ጽፋለች። ከሥር፣ ቦታው ስላለቀ ወደ ጎን አዙራ በተጻፈ መስመር ላይ፣ ስለ ጫማው የዋሸችው ውሸት አለ። ለጎረቤት ልጅ ሰጥታዋለች። የልጁ እግር 34 ነው።